108,000 ነበር፣ 64,690 ገባልኝ፤ የቦነስና የስንብት ክፍያ ግብር እንዲህ ነው?

ሰኞ_ሌሊት

ሰላም ለቤቱ። ካልኩሌተር ታቅፌ ሦስት ቀን አምሽቻለሁ፣ እባካችሁ ገላግሉኝ።

አራት ዓመት የሠራሁበት ድርጅት ሠራተኛ ቀነሰ፣ እኔም ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። ደመወዜ 18,000 ብር ነበር። በመጨረሻው ወር ሦስት ነገር ባንድ ላይ ተከፈለኝ። የወሩ ደመወዝ 18,000፣ የዓመት መጨረሻ ቦነስ 18,000፣ የስንብት ክፍያ ደግሞ 72,000። ድምሩ 108,000 ይመጣል። ባንክ የገባው 64,690 ነው።

በሰጡኝ ወረቀት ላይ ተቀናሽ የሚለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ግብር 35,750፣ ጡረታ 7,560። ፋይናንስ ሄጄ ብጠይቅ "ሲስተሙ ነው ያሰላው" አሉኝ። ሲስተሙን ማን እንደሞላው ግን የሚነግረኝ አጣሁ።

ቦነስና ስንብት እንደ ተራ ደመወዝ ነው እንዴ የሚቆረጥባቸው? ስንብት እኮ ሥራ ስላጣሁ የተሰጠኝ ነው። ክሊራንሱን ገና አልፈረምኩም።

አባ_ቁጭ_በሉ

ወንድሜ፣ ተበልተሃል። ስንብት ላይ ግብር የለም። አጎቴ ከሥራ ሲወጣ ጠቅለል አድርገው የሰጡትን ብር አንድ ሳንቲም ሳይነኩበት ነው የወሰደው። ቦነሱ ላይ ይቁረጡ፣ እሱ ያለ ነው። ስንብቱን ግን መልሱ በላቸው። ደግሞ ስሌቱም ልክ አይመስለኝም። በ35 ፐርሰንት አባዝተህ የምትቀንሰው 1,500 ነው። እነሱ ምን እንደቀነሱ አላውቅም።

የቀድሞ_ፔሮል

አባ ቁጭ በሉ፣ በርስዎ ስሌት ቢሄድ ልጁ 550 ብር ተጨማሪ ይቆረጥበት ነበር። 1,500 የድሮው ሠንጠረዥ ነው። ማሻሻያው፣ ማለትም አዋጅ 1395/2017፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሠንጠረዡን ቀይሮታል። አሁን እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፣ 35 ፐርሰንት የሚጀምረው ከ14,000 በላይ ላለው ነው፣ ከብዜቱ ላይ የሚቀነሰው ደግሞ 2,050 ነው።

ሰኞ ሌሊት፣ ፔሮል ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ወረቀትህን ሳላይም ምን እንዳደረጉ ይገባኛል። 108,000ውን አንድ ወር ላይ እንደተከፈለ ደመወዝ ቆጠሩት። በ35 ፐርሰንት ሲባዛ 37,800 ነው። 2,050 ሲቀነስ 35,750። የተቆረጠብህ ልክ ይኸው ነው። ስለዚህ የሒሳብ ስህተት የለበትም። ጥያቄው እንዲህ አንድ ላይ መጠቅለሉ ልክ ነው ወይ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ግን ስንብት ነፃ ነው የሚለውን እንተወው። የገቢ ግብር አዋጁ 979/2008 ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ሲል ቦነስን በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል። ሥራ ሲቋረጥ የሚከፈልንም እንዲሁ። አሠሪው በፈቃዱ ይክፈለው፣ በስምምነት ይክፈለው ወይ ተፈርዶበት ይክፈለው፣ ለውጥ የለውም። የአጎትዎ ነገር የፕሮቪደንት ፈንድ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ሌላ ነው።

አባ_ቁጭ_በሉ

አዎ፣ ፕሮቪደንት የሚል ነገር ነበረበት። ግን ልዩነቱ ምንድነው? ሁለቱም ስትወጣ የሚሰጥህ ብር አይደል?

የቀድሞ_ፔሮል

ስትወጣ መሰጠቱ ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው። ፕሮቪደንት በየወሩ ሲጠራቀም የቆየ የአጎትዎ ቁጠባ ነው። አሠሪው የሚያዋጣለት ከወር ደመወዙ 15 ፐርሰንት እስካላለፈ ድረስ መዋጮው ከግብር ነፃ ነው። ስንብት ግን በሚወጣበት ቀን ተሰልቶ የሚከፈል ነው፣ ቀድሞ የተቀመጠ ነገር የለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ ነው "እገሌ ሙሉውን ወሰደ" የሚል ወሬ የማይጠፋው።

አሁን ወደ ልጁ ወረቀት። እኔን የቆረቆረኝ ግብሩ ሳይሆን ጡረታው ነው። 7,560 የ108,000 ሰባት ፐርሰንት ነው። ጡረታ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝህ ላይ ነው፣ ለመደበኛ የሥራ ሰዓት ከሚከፈልህ። ቦነስና ስንብት እዚያ ውስጥ አይገቡም። ከ18,000 ላይ 1,260 ብር ብቻ ነበር መቆረጥ የነበረበት። 6,300 ብር በትርፍ ወስደውብሃል። ይሄ ክርክር የለበትም፣ ነገ ጠዋት ሄደህ ጠይቅ።

እንዴት እንደተፈጠረም ልንገርህ። ፔሮል ሶፍትዌር ላይ ክፍያ ስታስገባ በየመስመሩ "ግብር ይቆረጥበት" እና "ጡረታ ይቆረጥበት" የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ቸኩሎ የሚሞላ ሰው ስንብትን በደመወዝ መስመር ላይ ይደምረዋል። ያኔ ሁለቱም ይቆረጣሉ። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አልክድም።

ሰኞ_ሌሊት

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡረታውን ጨርሶ አላየሁትም ነበር። ዓይኔ ግብሩ ላይ ተተክሎ።

ግን አላምናቸውም። "ጡረታ ነው፣ ለራስህ ነው የተቀመጠልህ" ቢሉኝስ?

የቀድሞ_ፔሮል

ይሉሃል። ያኔ አንድ ነገር ጠይቃቸው። አንተ 7 ስትከፍል እነሱ 11 ይከፍላሉ። በ90,000 ትርፍ ላይ 11 ፐርሰንት 9,900 ብር ነው። ከራሳቸው ኪስ ወጥቷል ወይም ሊወጣ ነው። ይህን ስትነግራቸው ካንተ በላይ የሚቸኩሉት እነሱ ናቸው። የወሩን ማሳወቂያ ገና ካላስገቡ ደግሞ ማስተካከሉ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ካስገቡ በኋላ ደብዳቤና ምልልስ ይበዛል። ለዚህ ነው ቶሎ ሂድ የምልህ።

ጠይም_ቀለም

ይቅርታ፣ በሰው ክር ገባሁ። የኔ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። በራሴ ፈቃድ ልለቅ ነው፣ የአንድ ወር ቦነስ 6,000 ይሰጡኛል። እዚህ ቤት "ቦነስ ለ12 ይካፈላል" የሚል ነገር አንብቤ ነበር። ለወንድማችን ለምን አልተካፈለለትም?

የቀድሞ_ፔሮል

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። በሁለታችሁ ላይ ላሳይሽ።

የሱን ቦነስ ለ12 ብናካፍለው በየወሩ 1,500 ብር ነው። በ18,000 ላይ ሲደመር 19,500 ይሆናል። የ18,000 ግብር 4,250፣ የ19,500 ደግሞ 4,775። ልዩነቱ 525 ነው። ይህን በ12 አባዢው፣ 6,300 ይመጣል። አሁን ባንድ ወር ላይ እንጫነው። 18,000 በ35 ፐርሰንት ያው 6,300 ነው። ደመወዙ ራሱ ከ14,000 በላይ ስለሆነ ከዚያ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ብር 35 ነው የሚቆረጥበት። ብትበትኚውም ብትሰበስቢውም አይለወጥም። ብዙ ሰው "ቦነሴ ተካፍሎ ይሰላ" ብሎ ሲጣላ አያለሁ፣ ደመወዙ ከ14,000 ካለፈ የሚጣላው በባዶ ነው።

ያንቺ ግን ይለያል። የ6,000 ግብር 700 ብር ነው። ቦነሱ ባንድ ወር ከገባ 12,000 ይሆናል፣ ግብሩ 2,250 ነው። ማለትም ቦነሱ ብቻውን 1,550 አስቆረጠሽ ማለት ነው፣ ምክንያቱም 7,000ንም 10,000ንም ዘልለሽ 30 ፐርሰንት ውስጥ ገባሽ። ለ12 ከተካፈለ ግን በየወሩ 500 ብር ብቻ ነው የሚጨመረው። 6,500 ደግሞ ያው 20 ፐርሰንቱ ውስጥ ነው። ወር ላይ 100፣ በዓመት 1,200። 350 ብር ትተርፊያለሽ።

ጠይም_ቀለም

350 ለእኔ የአንድ ሳምንት ትራንስፖርት ነው። ቀልድ አይደለም። ነገ እጠይቃለሁ።

ሹፌሩ

እኔም ልጠይቅ። ሥራ ላይ እያለሁ እጄ ተጎድቶ ካሳ ከፈሉኝ፣ ከዚያ ቦርድ ታይቼ ሥራ አቆምኩ። የኔም ስንብት 35 ይቆረጥበታል ማለት ነው? ካሳዬ ላይ ከቆረጡ እንዴት ነው የማስመልሰው?

የቀድሞ_ፔሮል

ሹፌሩ፣ እግዜር ይማርህ። ያንተ ከዚህ ክር የተለየ ነው፣ ግን ስለጠየቅክ ልመልስልህ። በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ ስታቆም የሚሰጥህ ስንብት ግን ስንብት ነው፣ ግብር አለበት። አደጋው የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ላይ "ጠቅላላ ክፍያ" ብለው ሲጽፉልህ ነው። ያኔ ፔሮል ላይ ያለው ሰው ከየትኛው ላይ መቁረጥ እንዳለበት አያውቅም፣ ከሁሉም ይቆርጣል። ካሳውንና ስንብቱን በተለያየ መስመር ለይታችሁ ጻፉልኝ በላቸው። ካሳው ላይ ቆርጠው ከሆነ መጀመሪያ የምትሄደው እዚያው አሠሪህ ጋ ነው።

ሹፌሩ

ደብዳቤዬ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ይኸው ነዋ ነገሩ።

ኦዲት_ላይ_ነኝ

የቀድሞ ፔሮል ያለችው አብዛኛው ልክ ነው፣ ግን ማንም ያልነካው ዋናው ነገር የስንብቱ አቆጣጠር ነው። 72,000 የአራት ወር ደመወዝ ነው። አንዳንድ ድርጅት ስንብትን በወር ደመወዝ አካፍሎ እንደ አራት የተለያዩ ወራት ይቆጥረዋል። በዚያ መንገድ ቢሄዱ የያንዳንዱ ወር ግብር 4,250፣ የአራቱ 17,000 ይሆናል። እንደ ተቆረጠበት ከሆነ ግን የስንብቱ ድርሻ 25,200 ነው።

እኔ ግን አልቀበለውም። የሥራ ግብር የሚሰላው በወር ነው። ሰውየው ብሩን ባንድ ወር ነው የተቀበለው። ሌሎቹ ሦስት ወራት ላይ ደመወዝ የለውም፣ ሥራም የለውም። በሌለ ወር ላይ ግብር እንዴት ይሰላል? ኦዲት ሳደርግ እንዲህ ያካፈሉ ድርጅቶች ካጋጠሙኝ በስም ጠርቼ እጽፍባቸዋለሁ።

የቀድሞ_ፔሮል

ወንድሜ፣ ክርክርህ ይገባኛል። ግን ስንብት ከየት እንደመጣ እይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ስንብትን የሚለካው በቀን ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህን ሲሶ ይጨምርለታል። የልጁ እንዲህ ነው። 18,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ ለሦስቱ ዓመት ደግሞ 6,000 እየተባለ 18,000፣ ድምር 36,000። በቅነሳ ስለወጣ የ60 ቀን ይጨመርለታል፣ 36,000። 72,000 የመጣው በዚህ ነው። ሥራ እስኪያገኝ የሚኖርበት የወራት ደመወዝ ማለት ነው። አንተ የአንድ ቀን ሀብት አድርገህ ትቆጥረዋለህ።

የገንዘቡ ልዩነት ደግሞ 8,200 ብር ነው። ይህ ቁጥር ከየትም አልመጣም፣ 2,050 አራት ጊዜ ነው። በአንድ ወር ሲጠቀለል 2,050ው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀነስልሃል፣ እሱንም ደመወዝህ ወስዶታል። ለአራት ወር ሲካፈል በየወሩ እንደገና ይቀነሳል። ጉዳዩ ሁሉ 2,050 ስንት ጊዜ ተቀነሰልህ የሚለው ነው።

በሠራሁበት ቦታ አካፍለን ነበር የምንልከው፣ የግብር ቅርንጫፉም ሳይጠይቀን ተቀብሎታል። ያንተን ዓይነት ኦዲተር ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ውድቅ አድርጎታል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ኦዲት_ላይ_ነኝ

"ሳይጠይቀን ተቀብሎታል" ማለት "ትክክል ነው" ማለት አይደለም። ማንም ፋይሉን አልከፈተውም ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ተከፍቶ ጎድሏል ከተባለ ልዩነቱን ከነቅጣቱ የሚጠየቀው አሠሪው ነው፣ ሠራተኛው ሄዷል። ለዚህ ነው ፋይናንሶች ጠቅልለው የሚቆርጡት። ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

የቀድሞ_ፔሮል

እሱ ላይ እስማማለሁ።

ችሎት_ጠገብ

እኔ የተባረርኩት ያለ አግባብ ነው፣ ተከራክሬ አሸነፍኩ። ፍርድ ቤቱ የፈረደልኝን ሙሉ ቁጥር አገኛለሁ ብዬ ነበር። አሠሪው ግብሩን ቆርጦ ቀሪውን ከፈለኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። የተነገረኝ ካላይ የተጻፈው ነው፣ በፍርድ የመጣም ቢሆን ከመቀጠር የመጣ ገቢ ነው።

የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ጠበቃዬ ነው። ከብሩ ላይ ድርሻውን ወሰደ። እኔ ደግሞ ጠበቃው የወሰደው እጄ ስላልገባ ግብር አይቆረጥበት ብዬ አመለከትኩ። አይሆንም። ተቀጣሪ ገቢውን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ ማስቀነስ አይችልም። ነጋዴ ቢሆን ያስቀንስ ነበር። ስለዚህ ከጠበቃ ጋር በፐርሰንት ስትዋዋሉ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ጻፉ። እኔ ሳላስጽፍ ቀርቼ ጠበቃዬ ከሙሉው ላይ ወሰደ፣ ግብሩ የኔ ሆነ።

አባ_ቁጭ_በሉ

ይሄን ሁሉ ካየሁ አጎቴ እድለኛ ነበር። ቆይ ግን፣ ልጁ ያልወሰደው የዓመት እረፍት ነበረው ወይ? እሱም በብር ይከፈላል እኮ።

ሰኞ_ሌሊት

ነበረኝ። 9 ቀን። ወረቀቱ ላይ ግን የለም! አሁን ነው ያስታወስኩት።

የቀድሞ_ፔሮል

አባ ቁጭ በሉ፣ በዚህስ አገኟት። 9 ቀን በ600 ብር ሲሰላ 5,400 ነው። እሱም ግብር አለበት፣ 35 ፐርሰንቱ 1,890 ነው፣ እጅህ የሚገባው 3,510። አብረህ ጠይቅ። ጡረታ እንዳይቆርጡበትም እይ።

ክሊራንሱን በተመለከተ፣ "ሁሉንም ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ቀሪ ጥያቄ የለኝም" የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት እንዳለ አትፈርም። ከስሙ አጠገብ በእጅህ "የጡረታ ተቀናሽ፣ የዓመት እረፍትና የስንብት ግብር ስሌት ጥያቄዬ እንደተጠበቀ" ብለህ ጻፍና ፈርም። ቅጂ አስቀር። እኔ ፔሮል ላይ ሆኜ እንዲህ የጻፈ ሰው ፋይል ሲመጣልኝ ሁለት ጊዜ ነበር የማየው።

ሰኞ_ሌሊት

*ከአራት ቀን በኋላ*

ተመለስኩ። ጡረታው ላይ ምንም አልተከራከሩም። የ11 ፐርሰንቱን ነገር ሳነሳ የፋይናንስ ኃላፊው ራሱ ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዞረው። ስንብት በ"ሌላ ደመወዝ" መስመር ገብቶ ነበር፣ ልክ እህቴ እንዳለችው። ማሳወቂያው ስላልገባ 6,300ውን መልሰውልኛል። እረፍቱም 3,510 ሆኖ ገባ።

የ8,200ው ነገር ግን አልተፈታም። ኃላፊው "እኔ ካካፈልኩት ኦዲተር ይይዘኛል፣ ከቅርንጫፉ በጽሑፍ አምጣልኝና ዛሬውኑ እመልስልሃለሁ" አለኝ። ኦዲት ላይ ነኝ፣ ያንተን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ስሌቱን በሁለቱም መንገድ በአንድ ገጽ ሠርቼ ከስንብት ደብዳቤው ቅጂ ጋር ለቅርንጫፉ አስገብቻለሁ። ማህተም ያለበት መቀበያ ሰጥተውኛል። ሳምንት ተመለስ ብለውኛል።

ኦዲት_ላይ_ነኝ

በጽሑፍ ከመጣ እኔም ዝም እላለሁ። መልሱን እዚህ ለጥፈው፣ የምር ልየው።

ጠይም_ቀለም

እኔም ጠይቄ ነበር። የኛው ፋይናንስ "ለ12 አካፍለን ነው ድሮም የምናሰላው" አለኝ። ወረቀቱን ሳየው ግን የቆረጡት 1,550 ነው። ነገ በእህቴ ስሌት ፕሪንት አድርጌ እሄዳለሁ።